የሟቹን ኮት ሰማያዊ ያደረገው ማን ነው?

የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም ቢገባበት አልቃወምም። የምቃወመው ግምት የሆነውን ቀለም እንደ እውነት አድርጎ ለቤተሰብ ማስረከብን ነው። ለዚህ ከምናቤ ያወጣኋትን አንድ አጭር ታሪክ ላስቀድም።

የልጅ ልጁ የአያቶቹን የተሰነጣጠቀ የሠርግ ፎቶ በኮምፒውተር አሳድሶ፣ ቀለም አስገብቶ፣ በፍሬም አድርጎ ያመጣል። ሴት አያቱ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ያዩታል።

«ፊቱ የሳቸው ነው» ይላሉ በመጨረሻ። «ልብሱ ግን የማን ነው?»

«የአያቴ ነዋ፣ እማማ።»

«አያትህ ሰማያዊ ለብሰው አያውቁም። ያ ልብስ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ጨርቁ አልበቃ ብሎ ልብስ ሰፊው የደረት ኪሱን ከሌላ ብጣሽ ሠራው። እንዳይታይባቸው ብለው ነው እኮ እጃቸውን እላዩ ላይ ያደረጉት!»

ልጁ ፎቶውን እንደገና ያያል። የሙሽራው እጅ ደረቱ ላይ አለ፤ ከሥሩ የሚታየው የኪሱ ጫፍ ግን ከኮቱ ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። የሚሸሸግ ነገር የለም።

እዚህ ላይ የተፈጠሩት ስሕተቶች ሁለት ናቸው፤ ጠባያቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው የቀለሙ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚይዘው የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለሙን አይደለም። ኮምፒውተር ቀለምን ወደ ግራጫ ሲቀይር በተለምዶ የቀዩን 0.299፣ የአረንጓዴውን 0.587፣ የሰማያዊውን 0.114 ወስዶ ይደምራል። ቀይ 40፣ አረንጓዴ 72፣ ሰማያዊ 40 የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ እንውሰድ፤ ድምሩ ወደ 59 ይሆናል። 40፣ 55፣ 130 የሆነው ሰማያዊም 59 ነው። 100፣ 45፣ 25 የሆነው ቡናማም እንዲሁ። የድሮ ፊልም አመዛዘኑ ከዚህ ይለያል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ቀይን ስለማያይ ቀይ ልብስን ጥቁር አስመስሎ ያወጣል። ችግሩ ግን ያው ነው፤ ከአንድ ግራጫ ተነስቶ ወደ ብዙ ቀለም መሄድ ይቻላል። ቀለም አስገቢው ፕሮግራም ቀድሞ ባያቸው ብዙ ፎቶዎች ላይ ወንዶች በሠርግ ቀን በብዛት የለበሱትን ይመርጣል። ሙሽራው ደግሞ እንደ ብዙኃኑ አልለበሰም።

ሁለተኛው የኪሱ ነው፤ ለእኔ የሚከብደው ይሄ ነው። የብጣሹ ግራጫ ከኮቱ ትንሽ ፈካ ይል ነበር። ስንጥቁን የደፈነው እድሳት ይህን ልዩነት እንደ እድፍ ቆጥሮ አጠፋው። ቀለሙ ባዶ ቦታ ላይ የተሞላ ግምት ነው፤ ኪሱ ግን ፎቶው ላይ የነበረ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ማንም ሰው ሊደርስበት ይችላል። የታደሰውን ፎቶ መልሶ ግራጫ ማድረግና ካልተነካው ስካን ጎን ማስቀመጥ ነው። ቀለም ብቻ ገብቶ ከሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ከስንጥቁ ውጭ የጠቆረ ወይም የፈካ ቦታ ከተገኘ፣ እዚያ የተነካ ነገር አለ። የኮቱን ቀለም ግን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም፤ ሰማያዊውም አረንጓዴውም ፈተናውን እኩል ያልፋሉ።

የአያት ትዝታ ራሱ ሊሳሳት ይችላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይችላል። ልብሱ ወይም ቁራጩ ካለ መታየት ያለበት ትከሻው አይደለም፤ ትከሻ በብርሃን ይደበዝዛል። ስፌቱን ገልበጥ አድርጎ፣ የሱሪውን እጥፋት ፈትቶ ውስጡን ማየት ይሻላል፤ ብርሃን ያልነካው ጨርቅ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ምንም ካልተገኘ ግን፣ ልብሱን በዓይናቸው ያዩ ሰው ከፕሮግራሙ ግምት በፊት ሊሰሙ ይገባል። ልጁ ለአያቱ ድንገተኛ ስጦታ ማድረግ ፈልጎ ሳይጠይቃቸው ቀረ። እንደ እኔ ግን ድንገተኛነቱ ቢቀር ይሻል ነበር።

«እሳቸው ከወደዱት ምን ቸገረህ?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። የኮቱን አረንጓዴነት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ነገ የልጅ ልጁ ልጆች ሰማያዊውን አይተው ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ የሚያርማቸውም አይኖርም።

ማረሙ ቀላል ነው። ያልተነካው ስካን ለብቻው ይቀመጣል፤ ቀለሙ ከሥዕሉ በተለየ ሌየር ላይ ከተሠራ ኮቱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ኪሱም ከስካኑ ይመለሳል። ከፍሬሙ ጀርባ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ኮት፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ በባለቤታቸው ቃል። የደረት ኪስ፦ ከሌላ ጨርቅ፣ ቀለሙ አልታወቀም። ከረባት፦ ግምት።» ከረባቱን አያትም አላስታወሱትም። እኔ ብሆን ግራጫ አድርጌ እተወው ነበር።