«ለገበሬው» የሚለው ቃል ሚዛን ላይ ይውጣ

«ደንበኛ ቁጥር አይፈልግም፤ ታሪክ ነው የሚፈልገው።» ሰሞኑን ከቡና ማስታወቂያ ሠሪዎች አፍ የማይጠፋው ይህ ነው።

ስህተት ነው። ደንበኛውን ያሰለቸው ቁጥር ሳይሆን ማሸጊያው ላይ ፈገግ ያለው ስም የለሽ ገበሬ ነው። «ከትርፋችን 1 በመቶ ለገበሬው» የሚል ፓኬት እንውሰድና እናስላው። ሩብ ኪሎ የተቆላ ቡና 600 ብር ተሸጦ ኩባንያው 60 ብር ቢያተርፍ፣ የገበሬው ድርሻ 60 ሳንቲም ነው። ዓመቱ በኪሳራ ከተዘጋ ደግሞ ምንም። ይህን በጎ ዓላማ ብሎ መጥራት ገበሬውንም ገዢውንም መናቅ ነው።

ያው ቃል በእሸት ቡና ኪሎ ሲታሰር ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ጥሬው ሲቆላ ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሩብ ኪሎው ፓኬት ጀርባ 300 ግራም ያህል ጥሬ ቡና፣ ማለትም 1.8 ኪሎ እሸት አለ። ኩባንያው በአካባቢው የዕለት ዋጋ ላይ በኪሎ 5 ብር ቢጨምር፣ ከአንድ ፓኬት 9 ብር ወደ ገበሬው ይሄዳል፤ አተረፈም ከሰረም። ከ60 ሳንቲሙ አሥራ አምስት እጥፍ ነው፤ ማንም በስልኩ ማስያ ሊደርስበትም ይችላል።

ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ የሚበላው ሚዛን ላይ ነውና። ገበሬዋ 12.6 ኪሎ እሸት ይዛ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ደረሰች እንበል። የዕለቱ ዋጋ 100 ብር ነው፤ ኩባንያው 105 እከፍላለሁ ብሏል። መዛኙ ግን ፍርፋሪውን ትቶ «12» ብሎ ይጽፋል። 12 በ105 ሲባዛ 1,260 ብር ነው። 12.6 በ100 ቢባዛስ? እሱም 1,260 ብር። ጭማሪው ተከፍሏል፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ኦዲተሩም ይፈርማል፤ ሴትዮዋ ግን አንዲት ሳንቲም አላገኘችም። ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ «ጭማሪ ከፍለናል» የሚል ኩባንያ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሊያውቅ የሚፈልግም ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የለቀማው ወቅት ሳይጀመር የጭማሪው መጠን በጣቢያው ግድግዳ ላይ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ይርጋጨፌ ከሆነ በጌዴኦኛም ጭምር። ክብደቱ እስከ አንድ አሥረኛ ኪሎ ተመዝግቦ፣ የዕለቱ ዋጋና ጭማሪው በየራሳቸው መስመር የሰፈሩበት ደረሰኝ ይሰጣት። ማንበብ ባትችል ልጇ ታነብላታለች። ከገበሬዋ የተሻለ ኦዲተር የለም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የራሷ ነው። በርሊን በሚሸጥ ፓኬት ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ ቃል ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከሌለ፣ ቃሉ የተገባው ለገበሬው አይደለም።

ሌላው ደካማ ማምለጫ «ቁጥር ካወጣን ተፎካካሪ ዋጋችንን ያውቃል» የሚለው ነው። የሚጠየቀው እኮ ለገዢ የምትሸጡበት ዋጋ አይደለም፤ በዕለት ዋጋ ላይ የጨመራችሁት ነው። የዕለቱን የእሸት ዋጋ ደግሞ ቀበሌው በሙሉ ያውቀዋል። ለፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ የሚሰጠው የፌርትሬድ የማኅበረሰብ ጭማሪ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓውንድ ጥሬ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም መሆኑ በይፋ የታወቀ ነው፤ በዚህ የተነሳ ምስጢሩ ተዘረፈ ሲባል አልሰማንም።

እውነት ነው፣ ሁሉም ኩባንያ ይህን ማድረግ አይችልም። ከምርት ገበያ በአካባቢና በደረጃ ብቻ የተለየ ቡና የገዛ፣ እሸቱን ማን እንዳመጣው አያውቅም። እንደዚያ ከሆነ የገበሬውን ፎቶ ከማሸጊያው ያንሳና ስለሚያውቀው ጥራት ያውራ። የማያውቁትን ሰው ረዳሁ ማለት ግን አይቻልም።

ስታርባክስን ያየ ይህን ሊረሳው አይገባም። በ2006 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ቡናን በሥነ ምግባር ለመግዛት በ2004 የጀመረው መርሐ ግብር ነበረው። ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል ግን ከጎኗ አልቆመም፤ የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተበት፤ ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ያን ሁሉ ወራት ሰው የጠየቀው የመርሐ ግብሩን ታሪክ ሳይሆን፣ ስሙ የማን እንደሆነና ገንዘቡ የት እንደሚቀር ነበር።

እንግዲህ ፓኬቱ ላይ የሚታተመው አጭር ነው፤ የጣቢያው ስም፣ የገባው እሸት ኪሎ፣ በኪሎ ቃል የተገባው ብር፣ የተከፈለው ብር። 5 ተብሎ 3 ከተከፈለም 3 ተብሎ ይጻፍ፣ ቀሪው 2 ብር የሚከፈልበት ቀንም ከጎኑ ይቀመጥ።