ከመሠረቱ በላይ በምን ይገንባ? ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይስ የጭቃ ጡብ

ጥያቄው

«በውጭ ልኳ 6 በ5 ሜትር፣ የግድግዳዋ ቁመት 2.7 ሜትር የሆነች ፎቅ የሌላት ቤት ልሠራ ነው። አንድ በርና ሦስት መስኮት ይኖራታል። ድንጋይም ሸክላማ አፈርም እዚያው ቦታው ላይ አለ፤ ሲሚንቶ ግን የሚመጣው ከሩቅ ነው። ድንጋይ ካለኝ ሲሚንቶ ብዙም አያስፈልገኝም ብዬ አስቤያለሁ። ትክክል ነኝ?»

ለብሎኬት የሚከራከረው

አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የበርና የመስኮቱ ቦታ ሲቀነስ የቤቱ ግድግዳ 54 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያልተጠረበ ድንጋይ ከ40 ሳንቲሜትር ባነሰ ውፍረት ሁለቱን ፊት አስተሳስሮ መገንባት ይከብዳል፤ ስለዚህ 40 እንያዝ። ይህ ከ21 ሜትር ኩብ በላይ ግንብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው ድንጋይ ሳይሆን ሞርታር ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ከተቦካ፣ ይህ ሞርታር ባለ 50 ኪሎ 45 ከረጢት ያህል ሲሚንቶ ይበላል።

ያንኑ ግድግዳ በ20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ቢገነቡት፣ የሚሰበረው ታስቦ 710 ብሎኬት ይበቃዎታል። ብሎኬቱን ለማምረት፣ ለመደርደርና ሁለቱንም ፊት ለመለሰን የሚገባው ሲሚንቶ ሁሉ ቢደመር ወደ 50 ከረጢት ነው። የልስኑ ብቻ 14 ከረጢት ያህል ስለሚደርስ የውጩን ፊት ሳይለስኑ ቢተዉት ከድንጋዩ ያንሳል። ከሩቅ የሚጓጓዝ ሲሚንቶ ካስጨነቀዎት ድንጋዩ አያድንዎትም።

«እንግዲያው ድንጋዩን በጭቃ ልገንባው» ቢሉ የባሰ ነው። የድንጋይ ግንብ የሚታየው አንድ፣ ውስጡ ግን ሁለት ግድግዳ ነው፤ በመሃል ያለውን ግንበኛው በስብርባሪ ይሞላዋል። ሁለቱን ፊት አንድ የሚያደርጋቸው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ማሰሪያ ድንጋይ ነው። በየ60 ሳንቲሜትሩ ቁመት፣ ጎን ለጎን ደግሞ ቢበዛ በየ1.2 ሜትሩ መግባት አለበት። ይህ ከተረሳ ስብርባሪው ወደ ታች እየተቀመጠ ፊቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቱንቢ ቢለኩት ሆዱ ያበጠ ግድግዳ የሚያገኙት ከዚህ የተነሳ ነው። ድንጋዩን ለመሠረቱና ከመሬት በላይ ላለው ግማሽ ሜትር ይጠቀሙበት፤ እዚያ ላይ አቻ የለውም። ከዚያ በላይ በብሎኬት ይሂዱ።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

በድንጋዩ ላይ ከወንድሜ ጋር አልጣላም። ከግማሽ ሜትሩ በላይ ግን ሲሚንቶው ከሩቅ ይመጣል ለተባለ ሰው 50 ከረጢት መምከር ለምን አስፈለገ? አፈሩ እግራቸው ሥር ነው።

40 በ20 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ጡብ እንውሰድና ረጅሙን ጎን ወደ ውፍረቱ አዙረን እንደርድረው። የ40 ሳንቲሜትር ግድግዳ ለአንድ ካሬ ሜትር 40 ጡብ ይፈልጋል፤ ለውጩ ግድግዳ የሚሰበረውን ጨምሮ 2,400 ገደማ። ውፍረቱን ከዚህ አላሳንሰውም። የጭቃ ጡብ ግድግዳ ቁመቱ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ በ30 ሳንቲሜትር ውፍረት ከ2.4 ሜትር በላይ መውጣት አይቻልም ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ 2.7 ነው ያሉት።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለውም። አፈሩ ከጭድ ጋር ረጥቦ አንድ ሁለት ቀን ያድራል፤ ከዚያ በደንብ ተረግጦ በውሃ በተነከረ የእንጨት ፎርማ ይወጣል። ጡቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በጎኑ ይቆማል። ከፀሐይና ከነፋስ በጭድ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ፊቱ ይቀድምና ይሰነጠቃል። ከአራት ሳምንት በኋላ አንዱን ጡብ በሁለት ጡቦች ላይ እንደ ድልድይ ያስቀምጡትና አንድ ሰው ይቁምበት፤ ካልተሰበረ ለግድግዳ ደርሷል። ማያያዣው ያው ጡቡ የተሠራበት ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ አይገባበትም።

የቤቱን ሙቀትም አስቡት። ወፍራም የአፈር ግድግዳ የቀትርን ፀሐይ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ውጩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ነው።

ለብሎኬት የሚከራከረው

የብሎኬቱም ሆድ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

ግማሹ እውነት ነው። ሆዱ አየር ቢሆንም የውጩንና የውስጡን ፊት የሚያገናኙት ድልድዮች ኮንክሪት ናቸው። ሙቀቱ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ በክፍተቱ ውስጥ ያለው አየርም ዝም ብሎ አይቆምም። በልስን የተሸፈነ ብሎኬት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ባገኘው ፊት ላይ እጅዎን ከውስጥ ቢያሳርፉ ያውቁታል።

ለብሎኬት የሚከራከረው

ይሁን፣ ሙቀቱን ለእህቴ ሰጠሁ። ወለሉን ግን እንቁጠር። ከውጭ 6 በ5 የሆነ ቤት በ20 ሳንቲሜትር ግድግዳ ውስጡ 5.6 በ4.6 ይሆናል፤ 25.8 ካሬ ሜትር። በ40 ሳንቲሜትር ግድግዳ 5.2 በ4.2 ነው፤ 21.8 ካሬ ሜትር። አራት ካሬ ሜትር ግድግዳው በላው። ለትንሽ ቤት ይህ የወጥ ቤት ስፋት ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የጭቃ ግድግዳን የሚያጠፋው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን መሬት ላይ ነጥሮ እግሩን የሚመታው ነው። ሰዎች ይህን ፈርተው በሲሚንቶ ይለስኑታል፤ ከዚያ ጥፋቱ አይታያቸውም።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

በልስኑ ላይ ይበልጥ ላጠናክርልዎ፤ የጭቃ ጡብ ቤቶች በብዛት የሚበላሹት በዚሁ ነው። የሲሚንቶ ልስን ድርቅ ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ልስኑ አብሮት መሄድ ስለማይችል እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ከጥቂት ዝናብ በኋላ የግድግዳውን እግር በጣትዎ ቢቆረቁሩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ልስኑ ቆሞ ጭቃው ከኋላው ፈርሷል። መለሰኛው ያው ጭቃ ከጭድ ጋር፣ ወይም ኖራ ይሁን። በየጊዜው መጠገን እንዳለበት አልደብቅም። የድንጋዩ እግር ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይነጠፍ፣ የጣሪያው ክንፍም 60 ሳንቲሜትር ይውጣ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ እኔም የጭቃ ጡብ አልመክርም።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ግን እኔ የሚያሳስበኝ ጥንካሬው ነው። ድንጋይ ከሁሉም ከባድ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ የሚቆመው እሱ አይደለም?

ለብሎኬት የሚከራከረው

ተገልብጦብዎታል። መሬት ሲናወጥ ግድግዳውን የሚጥለው የራሱ ክብደት ነው። የ40 ሳንቲሜትር ድንጋይ በካሬ ሜትር ከ900 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የጭቃ ጡቡ ወደ 700፣ ብሎኬቱ ከነልስኑ ወደ 330። ከባዱ ይበልጥ ይገፋል፤ ጭቃውም ሆነ ድንጋዩ ሲጎተት የሚይዘው ነገር የለውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በኢራን ባም ከተማ ከ26 ሺህ በላይ ሰው ሲሞት ከተማው በብዛት የጭቃ ጡብ ነበር።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

በ2010 ሄይቲ ውስጥ በሰው ላይ የተደረመሰው በብዛት ብሎኬትና አርማታ ነበር። ብሎኬት ስለሆነ ብቻ አይድንም።

ለብሎኬት የሚከራከረው

ልክ ነዎት፤ ስለዚህ ሁኔታዬን ልናገር። በየማዕዘኑና በበርና በመስኮት ግራና ቀኝ ከመሠረቱ የተነሳ ፌሮ በብሎኬቱ ሆድ ያልፋል፤ ሆዱም በኮንክሪት ይሞላል። ግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም ይፈስሳል፤ ፌሮዎቹም እሱ ውስጥ ይታሰራሉ። ለዚህ የሚሆነው ሲሚንቶና ፌሮ ከ50ው ከረጢት ውጭ ነው። ብሎኬቱም ቢያንስ ሰባት ቀን በጥላ ሥር ውሃ እየጠጣ፣ 28 ቀን ሞልቶት መምጣት አለበት። በምስማር ሲጫሩት ከተፈረፈረ ይመልሱት። ትኩስ ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይኮማተራል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ እንደ ደረጃ በመጋጠሚያዎቹ የሚወርድ ስንጥቅ ያያሉ። ሲደረድሩም እንደ ሸክላ ጡብ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ያበጠውን ደርድረው ሲደርቅ ይሰነጠቅብዎታል።

የእህቴ ግድግዳ ደግሞ ሌላም ገደብ አለበት። ያለ ደጋፊ የሚሄደው ርዝመት ከውፍረቱ አሥር እጥፍ፣ ማለትም ከ4 ሜትር መብለጥ የለበትም። ረጅሙ ግድግዳ በውስጥ 5.2 ነው።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

መሃሉ ላይ አቋራጭ ግድግዳ ይገባዋል፤ ወደ 400 ጡብ ይጨምራል። አጭሩም በውስጥ 4.2 ስለሆነ የቤቱን ስፋት ከ5 ወደ 4.8 ሜትር ማውረድ ነው። በርና መስኮትም ከማዕዘኑም እርስ በርሳቸውም 1.2 ሜትር ይራቁ። በ6 ሜትሩ ፊት የ90 ሳንቲሜትር በርና የ1 ሜትር መስኮት ከነርቀታቸው 5.5 ሜትር ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ሁለት ክፍት እንጂ ሦስተኛ አይገባም። ጫፉ ላይ የሚዞር እንጨት ወይም አርማታ ማሰሪያም ይኑረው። መሬቱ በብርቱ የሚናወጥ ከሆነ ግን፣ ይህን ሁሉ አድርጌም ለብሎኬቱ እለቃለሁ።

ለብሎኬት የሚከራከረው

አቋራጩም ከወለሉ 1.7 ካሬ ሜትር ይበላል፤ ስፋቱን ሲያጠብቡት ደግሞ ሌላ አንድ ካሬ ሜትር ሄደ። ለእኔ ያ ሂሳብ አይዘጋም።

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

ቦታው ሰፊ ከሆነ ቤቱን በውጭ ማስፋት ይችላሉ።

ጠያቂው

የአፈሬን ጭቃ በእጄ እንደ ዱላ አንከባልዬ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ገፋሁት። 20 ሳንቲሜትር ያህል ወጥቶ ነው የተቆረጠው። ጠንካራ ነው ማለት ነው?

ለጭቃ ጡብ የምትከራከረው

ሸክላው በዝቷል ማለት ነው። 3 ሳንቲሜትር የወፈረ ዱላ ከ5 እስከ 15 ሳንቲሜትር ወጥቶ ቢቆረጥ ነው ጥሩ፤ ከ5 በታች ከሆነ አሸዋው በዝቶ ይፈረፈራል። የእርስዎ እንዳለ ጡብ ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ አሸዋ ጨምረው እንደገና ያንከባልሉ፤ ካልወረደ አሸዋውን ያብዙ። ዱላው ከ15 በታች ሲቆረጥ አሥር ጡብ ብቻ አውጡና አራት ሳምንት ይጠብቁ። ሁለት ሺውን የሚጀምሩት እነሱ ላይ ሰው ቆሞ ካልተሰበሩ ነው።