ቃል በቃል ተርጓሚዎቻችን ይኑሩልን

ሰው ሁሉ እየጨመረ እየቀነሰ በሚያወራበት በዚህ ዘመን፣ የሰው የሕይወት ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግሩ ወገኖች አሉን። እስካሁን ያመሰገናቸው የለም። ዛሬ እኔ ላመስግን። አንዱ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ትሑት ሰው ነው።

ወዳጄ የአንዲት ሠዓሊ ጓደኛችንን ባዮ ተረጎመ። ዋሽንግተን ያለ አንድ ጋለሪ ሥዕሎቿን ሊያሳይ ፈልጎ «ስለ ራስሽ አንድ አንቀጽ ላኪ» ብሏት ነበር። እሷም እጇ ላይ ያለውን ሰጠችው። ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው፦ «ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት፣ በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ ተወለደች። ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ…»

የወዳጄ እጅ አልተንቀጠቀጠም። አባትና እናት ከነማዕረጋቸው ገቡ። «ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ» የሚለውም እንዳለ ተሻገረ። እንግሊዝኛው ሲነበብ ዕድሜዋ ለብቻው ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት በር ላይ የደረሰ ይመስላል። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጀምረው ሰውዬው ዛሬ ከሚሠራው ነው፤ የኛ ግን የሚጀምረው «የማን ልጅ ነሽ?» ከሚለው ነው። ታዲያ የጋለሪው ሰዎች ሥዕል የሚለውን ቃል ለማግኘት አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ ቢጠብቁ ምን ይጎዳቸዋል? ትዕግሥት ይማሩ።

ጓደኛችን የምትሥለው ማዳበሪያ ላይ ነው። መርካቶ ጤፍ የሚጫንበት፣ ሲቀደድ በሲባጎ የሚሰፋው፣ ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ጣል የሚደረገው ማዳበሪያ። ተርጓሚያችን መዝገበ ቃላቱን ከፈተ። ማዳበሪያ ማለት አፈር የሚያዳብር ነገር ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን የደረሰው ባዮ ሠዓሊዋ አፈር ማዳበሪያ ላይ ቀለም የምትቀባ መሆኗን አበሰረ። ጋለሪው ሥዕሎቹ ሽታ እንዳላቸውና ጉምሩክ ያስገባቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ለሥነ ጥበብ ይህን ያህል ጉጉት መፍጠር ቀላል አይደለም።

የተማረችው ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው፣ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ነው። ወዳጄ «አለ» የሚለው ላይ ብዙ አልተጨነቀም። አለ፣ አለ ነው። «አንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ከዚያ ተመርቃለች» ብሎ አለፈው። ውሸት ነው የሚል ካለ ይምጣ። ትምህርት ቤቱ አለ።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሲደርስ ግን ታማኝነቱ ልብ የሚነካ ሆነ። የተወለደችበት 1969 እንዳለ ሄደ፤ ስምንት ዓመት ያለ ሕመም አስረጃት። የተመረቀችበት ሐምሌ 1994ም እንዳለ ሄደ። ናይሮቢ ላይ ያሳየችበት ጊዜ ግን መጀመሪያውኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የተጻፈው፤ ግብዣው የመጣው በፈረንጅ ነዋ። ኤፕሪል 2003 ይላል። አሁን ይህን እንደ ጋለሪው ሰው አንብቡት። በ1994 ተመረቀች። በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሏን ውጭ አገር አሳየች። «በመሐል የዘጠኝ ዓመት ክፍተት አለ፤ ምን ገጥሟት ነው?» ብለው ጻፉ። የታመመች፣ የታሰረች ወይም ሥዕል የተወች መስሏቸዋል።

ጓደኛችን ደብዳቤውን አንብባ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሐምሌ 1994 ማለት በፈረንጅ ጁላይ 2002 ነው። ከዚያ እስከ ኤፕሪል ዘጠኝ ወር ነው። ዘጠኝ ዓመት አይደለም።

አጥባቂ ያልሆነ ሰው ቢሆን ወሩን ይጠይቅ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ከሆነ ሰባት ይደምራል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ከሆነ ስምንት። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱን ዓመት በእዝባር ያስቀምጣል። ወዳጄን ግን ተርጉም አሉት እንጂ ደምር አላሉትም።

የስሙን ነገርማ ተዉት። ጋለሪው በአገሩ ወግ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ በአባቷ ስም ብቻ ጠራት፤ ቀጥሎም ስሙ የወንድ ስለሆነ «እሱ» አላት። ወዳጄ አላረመም፤ የሱ ሥራ አይደለም። ደግሞስ ምን አዲስ ነገር አለው? በፈረንጅ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ግን ወርቁን ለአባቱ ለቢቂላ ሲሰጡ ኖረዋል።

በዚህ መሐል አንዲት ከሐዲ ብቅ አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጅ ናት። ባዮውን አየችውና ስልክ ደወለች። «ማዳበሪያ ስትዪ የቱን? የተወለድሽበት ወርስ? ሰው በምን ስም እንዲጠራሽ ትፈልጊያለሽ?» ተርጓሚ ይጠይቃል እንዴ? ጠየቀች። ከዚያ ጉድ ሠራች። ከመጀመሪያው መስመር ላይ አባትና እናትን አንሥታ «አዲስ አበባ የምትኖር ሠዓሊ ናት፤ እህል በሚጫንባቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች ላይ ትሥላለች» የሚል አስቀመጠች። ደብረ ማርቆስ ላይ «ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል» ብላ ጨመረች። 1969ን 1977 አደረገችው። በራሷ ስም እስከ መጨረሻው ጠራቻት። «ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት» የሚለውን ደግሞ «ከባለቤቷ፣ ከሁለት ልጆቿና ከውሻዋ ጋር ትኖራለች» አለችው፤ የዚያ አገር ሰው ስለ ውሻ ካልተነገረው ቅር ይለዋል። ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት አንድ መስመር አይገጥምም። ጋለሪው በማግስቱ «አመሰግናለሁ» ብሎ አተመው። ምን ያህል እንደተታለሉ ተመልከቱ።

ደግነቱ ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሥዕሎቹ ተመልሰው አዲስ አበባ ሊታዩ ሆነ፤ የአማርኛ በራሪ ወረቀትም ተፈለገ። አዘጋጁ እንግሊዝኛውን ለማን ሰጠው? ለወዳጄ።

እሱም ክብሩን አስመለሰ። ለአዲስ አበባ ሰው ደብረ ማርቆስ የት እንዳለች በኪሎ ሜትር አስረዳ። ማዳበሪያን ለማያውቅ አበሻ «ኢትዮጵያውያን እህል የሚጭኑባቸው ከፕላስቲክ የተሠሩ ከረጢቶች» ብሎ አብራራ። 1977 ላይ «ዓ.ም.» ለጠፈበትና ስምንት ዓመት ቀነሰላት። ባለፈው ስምንት አስረጅቷት ነበር፤ ሒሳቡ ተዘጋ። እንግሊዝኛው አጠቃላይ ሥራዋን የጠራበትን ቃል «ልምምዷ» አለው፤ ስለዚህ «ልምምዷ ትውስታን ይመረምራል» የሚል ወጣ፤ ግማሹ ስታዲየም፣ ግማሹ ፖሊስ ጣቢያ።

በመክፈቻው ቀን የሠዓሊዋ እናት ፊት ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከልጃቸው ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። መነጽራቸውን አደረጉና በራሪ ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡ።

«አንቺ፣ እስካሁን ልምምድ ላይ ነሽ እንዴ?» አሏት ልጃቸውን።

ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ጣታቸው የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ወዳጄ አጠገባቸው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ተርጉሜው ነው፣ እማማ።»

«የኔም የአባቷም ስም የለም። ይሁን። ግን ውሻው ገብቶ እኔ እንዴት ቀረሁ?»

ወዳጄ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ወረቀቱን ያዘላቸው።

«እማማ፣ ዋናው ላይ የሉበትም።»