ዛሬ 2 ሰዓት፣ እንዳትቀሩ

ሐሙስ ጠዋት ከዚራ፣ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ክፋቷን ሳትጀምር ስልኬን ስከፍት ከሁሉ ቀድሞ የወጣልኝ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ 2 ሰዓት በቀጥታ እገባለሁ! ስለ ጤናችን በሰፊው እናወራለን። ጥያቄ ላኩ። እንዳትቀሩ!» ሰዓቴን ሳይ ለሁለት አምስት ጉዳይ ነው። «አክስቴ፣ ሐኪሙ ሊገባ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ የሊጥ እጇን ታጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሻሿን ሳይቀር አስተካክላ መጣች። ሐኪሙ የሚያያት መስሏት ይሆናል።

ሩብ ሰዓት ሙሉ የማይንቀሳቀስ ፎቶግራፉን ተመለከትን። በመጨረሻ ከስሙ ሥር ጉንዳን በምታህል ፊደል የተጻፈውን አየሁት፤ ጽሑፉ ከወጣ ሁለት ቀን አልፎታል። ሰውየው ማክሰኞ ማታ ገብቶ፣ አውርቶ፣ አመስግኖ ወጥቷል።

«ዛሬ» የሚባለው ቃል እንደ ወተት ነው፤ አያድርም። ድሮ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቢያንስ ዝናቡና ፀሐዩ አደብዝዘውት ማርጀቱን ይናገር ነበር። ስልክ ላይ ግን የሦስት ቀኑም የዛሬውም እኩል ያበራል፤ የሚቀርብልንም በወጣበት ተራ ሳይሆን መተግበሪያው ይወዱታል ብሎ በገመተው ተራ ነው። ማክሰኞ ለማለት አራት ፊደል ይበቃል። አራት ፊደል ተሰስቶብን ነው እንግዲህ አክስቴ ሊጧን ጥላ የመጣችው።

ስለ ሁለት ሰዓት ደግሞ አታንሱብኝ። ይህች ከተማ እኮ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጂቡቲ መጥቶ የሐረርን ተራራ መውጣት ሲያቅተው ቆላው ላይ አረፈና እኛን ወለደ። ባቡሩ ከነጭስ ከነፉጨቱ ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዞልን መጣ። ምድር ባቡር የሠራው አያቴ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ሳይል ቀጠሮ አይቀበልም ነበር፤ ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን። የልጅ ልጆቹ ግን ስልክ ስለያዝን ጥያቄዋን ጣልናት።

ታናሽ አክስቴ ጂቡቲ ነው የምትኖረው። ፀሐይ ለእሷም ለእኛም እኩል ትወጣለች፤ እነሱ ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ለእሷ 20 ሰዓት ነው። «2 ሰዓት» የሚለውን ስታነብ በእኛ ሌሊት ስምንት መስሏት «ስለ ጤና ለመስማት እንቅልፍ አጥቼ ልታመም?» ብላ ተኛች። ዋሽንግተን ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በክረምታችን ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ የእኛ ማታ ሁለት ለእሱ ከቀኑ ሰባት፣ በእነሱ 13 ሰዓት መሆኑ ነው። ኅዳር ላይ ሰዓታቸውን ሲመልሱት ልዩነቱ ስምንት ይሆናል። እኛ ከሰዓታችን ንቅንቅ አንልም፤ ስለዚህ የከተማችንን ስም ከጻፍንለት የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። ማታ ወይም ጠዋት፣ ከዚያ «በድሬዳዋ ሰዓት»። ይህችን ለመጻፍ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄው። አክስቴ ጥያቄ ነበራት፤ ሳምንት ሙሉ ይዛው የዞረች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያነጥፈው እሷም ተይዛ፣ ትኩሳቱ ቶሎ ቢለቃትም ጉልበቷና የእጇ አንጓ ለወራት አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ ትንኝ ጠላቷ ናት። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ የውሃ በርሜሏን ክዳን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፤ ስትከፍተው ትንኝ ከየት ይወጣል?

ሸጋ ጥያቄ አይደለም? ግን በየት ይላክ? «ጥያቄ ላኩ» የሚለው ሰው መላኪያውን አልተናገረም። ከጽሑፉ ሥር? በውስጥ መስመር? በቀጥታ ሲገባ? እኔ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሹመት ባለመናገር ማለፉ ያንገበግበኛል። እናም አክስቴን አበረታትቼ፣ ማስታወቂያው ሳይወጣ ገና ሰኞ ዕለት፣ በውስጥ መስመር ልኬላት ነበር። ማንም አልከፈተውም። የእኛ ደጃዝማችነት የቀረው ተናግረን ነው።

ቂም አለብኝ፣ አልደብቅም። አንድ ጊዜ፣ ቦታውን ልተወው፣ ስብሰባ ላይ «ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ» ተባልን። እኔ ስለ ሰፈራችን ቦይ፣ ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ስለ ጡረታቸው ጻፍን። ወረቀቶቹ ተሰብስበው መድረክ ወጡ፤ ሰውየው አገላበጣቸውና «ተመሳሳይ ስለሆኑ ጠቅለል አድርገን እንመልሳለን» አለ። ቦይና ጡረታ በምን ተመሳሰሉ? ሁለቱም መደፈናቸው ይሆን? አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ እኔ ሻይ አለ ስለተባለ ቆየሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መቆየቴ ነው።

የማክሰኞውን ቅጂ ኋላ ላይ አየነው። ሐኪሙ አርባ ደቂቃ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እንቅልፍ ተናገረ፤ «ጤናችን» ብሎ የጀመረ ሰው የት ያቆማል? ከዚያ «ጥያቄ ያላችሁ?» አለና ሦስት ሴኮንድ ያህል ጠብቆ «ጥያቄ የለም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ተነሣ። ቀጥታ ምስል እኮ እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እንደ መስመሩ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ። እኛ «ያላችሁ?» ሲል ስንሰማ እሱ ወንበሩን እየገፋ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የመጻፊያው ጊዜ አለ፤ አክስቴ በአንድ ጣት ነው የምትጽፈው። ጥያቄ ቀድሞ መሰብሰብ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው፤ ቀድመው የመጡት እየተነበቡ ሳለ የዘገዩት ይደርሳሉ።

ተናድጄ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍኩለትና ላክሁለት፦ «ማክሰኞ ሐምሌ 14 ቀን፣ ከማታው 2 እስከ 3 ሰዓት በድሬዳዋ ሰዓት (በጂቡቲ 20፡00፣ በዋሽንግተን 13፡00)። ርእስ፦ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሚራባ ትንኝ። ጥያቄዎን እስከ ሰኞ ማታ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ስለ ራስዎ ሕመም ከሆነ በውስጥ መስመር ይላኩ፤ ስም አይጠራም። በዕለቱ ለሚመጡ ጥያቄዎች የመጨረሻው 20 ደቂቃ ተይዟል።» የሰው ሕመም ከስሙ ጋር አደባባይ እንዳይወጣ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ እሱ ነው።

የበርሜሉ ነገር ቡና ላይ ተፈታ። ጎረቤታችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ በሁለተኛው ስኒ ላይ ነገረቻት። ትንኟ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲሞላ ይፈለፈላል። ክዳን ብቻውን አይበቃም፤ በየሳምንቱ ማፍሰስና ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ ነው። አክስቴ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ሄደች።

ሐኪሙ ለመልእክቴ የአውራ ጣት ምልክት መለሰልኝ። ዛሬ ጠዋት አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል፦ «ነገ ማታ 2 ሰዓት በቀጥታ እገባለሁ! እንዳትቀሩ!» ማታ የምትለዋ ተጨምራለች። «ነገ» የቱ እንደሆነ ለማወቅ ጉንዳኗን ፊደል እየፈለግሁ ነው፤ አክስቴ መነጽሯን ወስዳብኛለች።