ክብር ለባለ ሃይላይተሩ

ሃንድአውቱ ከፎቶ ኮፒ ቤት ትኩሱን እንደወጣ ሃይላይተሩን የሚከፍት ተማሪ አለ አይደል? ዛሬ የማወድሰው እሱን ነው። ክዳኑ "ጧ!" ሲል ጥናት ተጀመረ። ርዕሱ ይቀባል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይቀባል። ሁለተኛው ቅር እንዳይለው እሱም ይቀባል። ካልተጠነቀቁ የመምህሩ ስም ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ፍትሕ እንዲህ ነው። በሱ ገጽ ላይ "እኔ ከማን አንሼ" የሚል መስመር የለም።

እስቲ አንድ አንቀጽ ላይ ሲሠራ እንየው። ስለ ጅቡቲው ባቡር ነው። የሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ ይላል። ወደ ሐረር ደጋ መውጣቱ ከባድና ውድ ስለነበር መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም በመስመሩ ተሻኮቱ። ሥራው ለዓመታት ተጓቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

የኛ ጀግና ይህን ሁሉ ቢጫ አደረገው። ምን ያድርግ? ገና ማንበቡ ነው። የቱ ዋና፣ የቱ ማጀቢያ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ አንቀጹን መጨረስ ሊኖርበት ነው። እጁ ግን ከዓይኑ ይቀድማል። ፍጥነት የሚባለው ይህ ነው።

ኅዳጉንም ባዶ አይተወውም። "ወሳኝ!!!" ይጽፋል። ኮከብም ያደርጋል። ባለ አንድ ኮከቡ የሚነበብ፣ ባለ ሁለቱ በደንብ የሚነበብ፣ ባለ ሦስቱ ደግሞ የግድ የሚነበብ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ ሁሉም ባለ ሦስት ሆኗል።

አጠገቡ የምትቀመጠውን ልጅ ደግሞ ተመልከቱልኝ። ንፉግ ናት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ታነባለች። ቀና ትልና ጣሪያ ታያለች፤ ነገሩን በራሷ አፍ እየደገመች ነው አሉ። ከዚያ ተመልሳ "ገንዘብ አለቀ" እና "ተሻኮቱ" ከሚሉት ሥር ቀጭን መስመር ታሰምራለች። 1902ን እና 1917ን ታከብባለች። በቃ! ኅዳጉ ላይ "ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለምን 15 ዓመት ፈጀ?" ብላ ትጽፋለች። አንዲት ነገር ያልገባት እንደሆነም "የተሻኮቱት በምኑ ላይ ነው? መምህሩን ልጠይቅ" ትላለች። "ወሳኝ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የላትም።

ጉዷ በዚህ አያበቃም። ከሳምንት በኋላ ገጹን ገልጣ ጽሑፉን በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ኅዳጉ ላይ ያለውን ጥያቄ ብቻ አንብባ ትመልሳለች፣ ከዚያ መዳፏን አንስታ ታመሳክራለች። ካልመለሰች ያን አንቀጽ ብቻ ደግማ ታነባለች። ለመፈተን መምህር ተቀጥሮ የለም እንዴ? ምን አስቸኮላት?

እሷን መሰል ምቀኞች ውጭ አገርም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አስር የጥናት ዘዴዎችን ሲገመግሙ፣ ማስመርንና ማቅለምን ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ጋር መደቧቸው። ነገርን ከነገር አገናኝቶ መረዳት በሚጠይቅ ፈተና ላይ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል ብለዋል። ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ማጥናት ግን ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። ይኸው፣ የዚያችን ንፉግ ልጅ ዘዴ! ሃይላይተር የሚሸጠው ነጋዴ ምን ይብላ አላሉም።

ድሮ የኛዎቹም ቁም ጸሐፊዎች በዚሁ ይታማሉ። ቀይ ቀለም አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ብራናውን በጥቁር ሞልተው ቀዩን ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ብቻ ይነክሩት ነበር። ቀዩ ቃል ገና መጽሐፉ ሲገለጥ ዓይን ውስጥ ይገባል። የኛ ጀግና ያኔ ቢኖር ኖሮ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ቀይ አድርጎ ይገላግለን ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ሌሊት ደግሞ ውበቱን ማየት ነው። ሃንድአውቱን ይከፍታል። ሁሉም ቢጫ ነው። "ዋና ዋናውን ብቻ ልከልስ" ይልና ከገጽ አንድ ይጀምራል። እኩለ ሌሊት ላይ ይህ እንደማያዋጣው ይገባዋል፤ ያኔ መፍትሔው በእጁ ነው። ከቢጫው ውስጥ ዋናውን ለመለየት ሰማያዊ ሃይላይተር ያወጣል። በቢጫው ላይ ሲደርበው አረንጓዴ ይሆናል። እስከ ንጋት ሜዳው ሁሉ ለመለመ።

ደግነቱ ደግሞ! ጠዋት ጓደኛው "እባክህ ኮፒ ላድርገው" ቢለው ዓይኑን ሳያሽ ሰጠው። ቢጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቁርና ነጭ የሚያወጣው ማሽን ብዙም አያየውም ነበር። ሰማያዊውና አረንጓዴው ግን ጠቁረው ይወጣሉ። ጓደኛው ገጹን ወደ መስኮቱ ዘቅዝቆ ቢያየው፣ ከጥቁሩ መሐል ጥርት ብሎ የሚነበበው የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው።