20 ሺህም ከ20 ሺህ ይለያል

«ሁለት ድርጅቶች ሊቀጥሩኝ ነው፤ ሁለቱም በወር 20 ሺህ ብር ይከፍላሉ፤ የአንዱ ግን 6 ሺው አበል ነው። ለውጥ አለው?»

አለው እንጂ፣ ወንድሜ! የግል ድርጅት ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። በ20 ሺህ አሠሪው በየወሩ 2,200 ብር ያስገባልሃል፤ በ14 ሺህ ግን 1,540 ብቻ። ከአንተም የሚቆረጠው ስለሚያንስ እጅህ የሚገባው ከፍ ሊል ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ትርፍ ሰዓትም እንደዚያው ነው። የቀኑ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ነው፤ የሚባዛው ግን መሠረታዊው እንጂ አበሉ አይደለም። ሥራው ትርፍ ሰዓት የሚበዛበት ከሆነ ልዩነቱ ቶሎ ይታይሃል።

ዓመት ፈቃድ ስትወጣ የትራንስፖርት አበሉ ይቆም እንደሆነ፣ ሕክምናውም ቤተሰብህን ይጨምር እንደሆነ ሳትፈርም ጠይቅ።