ክርክር፦ የአማዞን ኮከብ ይታመናል?

ጥያቄው፦ «አማዞን ላይ 4.8 ኮከብ ያለው ፓወር ባንክ አየሁ። ብራንዱን ሰምቼው አላውቅም፤ ሪቪው ግን ከ2 ሺህ በላይ አለው። ልግዛው ወይስ ልተወው?»

ብሩክ (ይታመናል)

እኔ ግዛው ነው የምለው። 2 ሺህ ሰው ተሰብስቦ አይዋሽም። ከተጠራጠርክ ደግሞ Verified Purchase የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ አንብብ። ሰውዬው ዕቃውን እዚያው ገዝቶታል ማለት ነው። ከኪሱ አውጥቶ የገዛ ሰው ለማያውቀው ነጋዴ ብሎ አይዋሽም።

ሄለን (አይታመንም)

ወንድሜ ብሩክ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚያው ምልክት ላይ ነው። ሻጩ ወይም ደላላው ፌስቡክ ላይ ዝግ ግሩፕ ይከፍትና የዕቃውን ፎቶ ይለጥፋል። የፈለገ ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍለታል። ከዚያ አማዞን ገብቶ በራሱ ካርድ፣ በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ዕቃው ሲደርሰው ጥቂት ቀን ይቆይና 5 ኮከብ ይሰጣል። ሪቪው ሲወጣ ስክሪንሹት ይልካል። ሻጩም ሙሉ ገንዘቡን በፔይፓል ይመልስለታል፤ አንዳንዴ ጥቂት ዶላር ይጨምርለታል።

አየህ፣ ግዢው እውነት ነው። ምልክቱም እውነት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው ግን ከአማዞን ውጭ ስለሆነ እዚያ አይታይም። ብዛቱም አያስተማምንህ። በፈረንጆች 2022 አማዞን ከ10 ሺህ በላይ የፌስቡክ ግሩፖችን አስተዳዳሪዎች ከሷል። አንዱ ግሩፕ ብቻ ከመዘጋቱ በፊት ከ43 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት።

ብሩክ

የገንዘብ መመለሱን ነገር አላውቅም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከሜሪላንድ ሆኜ በአንድ ድረ ገጽ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ብለው የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ገዙኝ። በአንድ ሳምንት 14 ሰው 5 ኮከብ ሰጠኝ። አብዛኞቹ የጻፉት አንድ መስመር ነው፤ «የእናቴን በርበሬ ይመስላል» ዓይነት። ድረ ገጹ 9ኙን አጠፋብኝ። ለማንም 5 ሳንቲም አልከፈልኩም። በአንድ ሳምንት ያመሰገነ ሁሉ የተገዛ ነው እንዴ?

ሄለን

አይደለም፤ አንተስ ተበድለሃል። ቀን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሻጭም ብልጥ ከሆነ ሪቪዎቹን በወራት ያራርቃቸዋል። እኔ የማየው ሰዎቹን ነው።

አምና 4.7 ኮከብ ያለው ኢርፎን ገዛሁ። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ካርድ አለ፤ 5 ኮከብ ከሰጠሽ የ15 ዶላር ስጦታ ይላል። ደሜ ፈላ። ካመሰገኑት ሰዎች የአምስቱን ፕሮፋይል ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለጉልበት ማሰሪያ፣ ለነጭ ሽንኩርት መጭመቂያና ለሕፃን የሌሊት መብራት 5 ኮከብ ሰጥታለች። የአንዱንም ብራንድ አላውቀውም። ሁለተኛውን ስከፍት ያው ማሰሪያ፣ ያው መጭመቂያ፣ ያው መብራት። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲህ ተከታትለው አይገዙም።

የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ2022 ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ሪቪው የሚገዛላቸው ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ሪቪው ጸሐፊዎችን ይጋራሉ፤ ሻጮቹ ሰው የሚቀዱት ከዚያው ግሩፕ ነዋ። ጽሑፉን መቀየር ቀላል ነው፤ አዲስ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው። ያንተ ደንበኞች ፕሮፋይል ቢከፈት ግን አንዱ ዳይፐር፣ ሌላዋ የመኪና ጎማ ገዝተዋል። የሚያገናኛቸው በርበሬህ ብቻ ነው።

ብሩክ

ፕሮፋይሉን የደበቀ ሰውስ? መደበቅ ይቻላል እኮ። ደግሞ ለ20 ዶላር ዕቃ አምስት ሰው መሰለል የሚችል ማን ነው? ሌላም ልጨምር። አዲስ ነጋዴ ጥሩ ዕቃ ይዞ ያለ ሪቪው ማን ያየዋል? ጎረቤቱ ነጋዴ ሪቪው ሲገዛ አይቶ የገዛም አለ። ዕቃው ግን ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ሄለን

የተደበቀውን ማየት አልችልም፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ጥሩ ዕቃ ይዞ ሪቪው የሚገዛም አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የፌደራል ደንብ ይህን ይከለክላል፤ ጎረቤቴ አደረገው ማለት አያድንም።

ጊዜ ለሌለው ሰው አንድ ነገር ይበቃል። ሪቪዎቹን ከአዲሱ ጀምሮ ደርድር። ተመራማሪዎቹ እንዳዩት፣ ሻጩ መግዛቱን ሲያቆም እውነተኛ ገዢዎች ይመጡና ባለ 1 ኮከቡ ይበዛል። አማካዩ የድሮውን ምስጋና ስለሚደምር ቶሎ አይወርድም። 4.8 እያለ የቅርብ ጊዜዎቹ «ባትሪው አበጠ»፣ «በወሩ ሞተ» የሚሉ ከሆነ ጠያቂው ይተወው። ፓወር ባንክ የሚያድረው አልጋ አጠገብ ነው። ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ገና ልንከራከርበት እንችል ነበር።

ብሩክ

እሺ፣ ለፓወር ባንኩ ተረታሁልሽ። ያልተመለሰልኝ የ9ኙ ደንበኞቼ ነገር ነው። አንቺ ማታ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ፕሮፋይል ከፍተሽ የምትለዪውን፣ ያ ድረ ገጽ ሳያይ ነው ያጠፋብኝ።